ሠላሳ ሰከንድ ለአንድ ዳቦ ቤት

የሰፈር ዳቦ ቤት ባለቤት «የ30 ሰከንድ የቪዲዮ ማስታወቂያ ይሠራልኝ» ሲል ብዙውን ጊዜ አብሮ የሚያቀብለው ዝርዝር አለ። ጥራቱን የጠበቀ ዳቦ፣ አምባሻ፣ ቦምቦሊኖ፣ የልደትና የሠርግ ኬክ፣ በትእዛዝ ድፎ ዳቦ፣ ፈጣን መስተንግዶ፣ ተመጣጣኝ ዋጋ፣ ሁለት ስልክ ቁጥርና የቴሌግራም አድራሻ። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ቢያነበው ሠላሳው ሰከንድ ያልቃል፤ የሰማው ሰው ግን አንዱንም ይዞ አይሄድም።

ዝርዝሩ መርዘሙ ብቻ አይደለም ችግሩ። የዳቦ ቤቱን ስም አውጥታችሁ ከሁለት መንገድ በኋላ ያለውን የሌላውን ዳቦ ቤት ስም ብታስገቡበት ምንም ሳይጎድለው ይሠራል። ማስታወቂያ ጸሐፊ መጀመሪያ ሊሞክረው የሚገባው ይህንኑ ነው፤ ስሙን ለውጦ ማንበብ። ጽሑፉ ለጎረቤቱም እኩል ካገለገለ ገና አልተጻፈም ማለት ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከካሜራም ከብዕርም በፊት፣ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ባለቤቱን በመጠየቅ ነው። ምድጃው ስንት ሰዓት ይሞቃል? የመጀመሪያው ዳቦ መቼ ይወጣል? መቼ ያልቃል? ከዚያስ? ለዚህ ጽሑፍ ምሳሌ እንዲሆነን አንድ ዳቦ ቤት በሐሳባችን እናቁም። ሽሮ ሜዳ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤት አጠገብ ያለ ጠባብ ቤት ነው። ባለቤቷ ስትጠየቅ እንደሌሎቹ ሁሉ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ትኩስ ዳቦ እንዳላት ትናገራለች። ይህ ለማስታወቂያ አይበቃም፤ ጠዋት ትኩስ ዳቦ የሌለው ዳቦ ቤት የለምና። ወሬው ሲቀጥል ግን ከሰዓት በኋላ ሌላ ሊጥ እንደምታቦካና 11 ሰዓት ላይ ሁለተኛ ዳቦ እንደምታወጣ፣ አብዛኛው የሰፈሩ ሰው ግን ይህን እንደማያውቅ ትነግረናለች። በዚያ ሰዓት ሠራተኛው ከታክሲ ወርዶ ዳገቱን እየወጣ ነው፤ በሌላው ዳቦ ቤት መደርደሪያ ላይ የሚያገኘው የጠዋቱን ትራፊ ነው። ማስታወቂያው እዚህ ላይ ተገኘ። «11 ሰዓት ላይ ትኩስ ዳቦ አለ» የሚለው ቃል ማንም ሰው ሄዶ እውነት መሆኑን ሊያይ የሚችለው ቃል ነው፤ «ጣዕሙ ልዩ የሆነ» የሚለውን ግን ማንም ሊያጣራው አይችልም።

ኬኩስ? ቦምቦሊኖውስ? ባለቤቷ ቅር ሊላት ይችላል፤ ልክም ናት፤ ኬኩም እንጀራዋ ነው። መልሱ ለኬኩ ሌላ ቪዲዮ፣ በሌላ ጊዜ የሚል ነው። ለዳቦ የመጣ ሰው ኬኩን መስታወቱ ውስጥ ያየዋል።

አንድ ነገር ብቻ ይዞ መቆየት ምን እንደሚያፈራ ለማየት ከዳቦ ማስታወቂያዎች ሁሉ ስሙ የገነነውን ማስታወስ ይበቃል። ሆቪስ የተባለው የእንግሊዝ ዳቦ እ.ኤ.አ. በ1973 ያስነገረው ማስታወቂያ ነው። ያዘጋጀው ኋላ በፊልሞቹ ዓለም ያወቀው ሪድሊ ስኮት ሲሆን፣ የተቀረጸውም ሻፍትስበሪ በምትባል ከተማ፣ ጎልድ ሂል በተባለ ዳገታማ የድንጋይ መንገድ ላይ ነው። ዳቦ የሚያደርስ ልጅ ብስክሌቱን እየገፋ ዳገቱን ይወጣል፤ ሲመለስ ቁልቁል ይንደረደራል። የዕቃ ዝርዝር የለበትም፤ ጎልቶ የሚታየው ልጅ፣ ዳገትና ዳቦ ነው። እርግጥ ያ ትልቅ ድርጅት ነበር፤ የሽሮ ሜዳዋ ባለቤት ያላት አንድ ስልክና አንድ የሚያግዛት የወንድም ልጅ ነው። ዳገቱ ግን እሷም ጋ አለ።

የቪዲዮ ማስታወቂያ ስክሪፕት ሦስት ነገሮችን ጎን ለጎን ይይዛል፤ ዓይን የሚያየውን ምስል፣ ጆሮ የሚሰማውን ድምፅ፣ በስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ። ባለሙያዎች ወረቀቱን በቁመት ከፍለው ምስሉን በአንድ ወገን፣ ድምፁን በሌላው ያሰፍሩታል። እኛ ለመጽሔት እንዲመች ከላይ ወደ ታች እናስቀምጠው።

ከ0 እስከ 3ኛው ሰከንድ
ምስል፦ ሁለት እጆች በጣም ቀርበው ይታያሉ። አሁን የወጣ ዳቦ ለሁለት ይገመሳል፤ እንፋሎቱ ይወጣል።
ድምፅ፦ ተናጋሪ የለም። የቅርፊቱ መሰንጠቅ ብቻ ይሰማል።
ጽሑፍ፦ ከቀኑ 11 ሰዓት

ከ3 እስከ 9ኛው ሰከንድ
ምስል፦ የሥራ ቦርሳ የያዘች ሴት ከታክሲ ትወርዳለች፤ ዳገቱን ትያያዘዋለች።
ድምፅ፦ «ጠዋት ትኩስ ዳቦ የትም አለ። ከሥራ ሲመለሱስ?»
ጽሑፍ፦ ከሥራ ሲመለሱስ?

ከ9 እስከ 17ኛው ሰከንድ
ምስል፦ ጋጋሪው የምድጃውን በር ይከፍታል፤ ዳቦ የሞላበት ትሪ ይወጣል፤ መደርደሪያው ይሞላል።
ድምፅ፦ «እኛ ጋ ምድጃው ከሰዓት በኋላ ዳግም ይሞቃል። ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለተኛው ዳቦ ይወጣል።»
ጽሑፍ፦ ሁለተኛው ዳቦ 11 ሰዓት

ከ17 እስከ 23ኛው ሰከንድ
ምስል፦ ሴትየዋ ዳቦውን በወረቀት ተጠቅልሎ ትቀበላለች። መንገድ ላይ ዞር ዞር ብላ አይታ ጫፉን ትቆርሳለች።
ድምፅ፦ «ትኩሱን ይዘው ይግቡ። መንገድ ላይ ቆርሰው ከቀመሱ፣ እኛ የለንበትም።»
ጽሑፍ፦ የለም

ከ23 እስከ 30ኛው ሰከንድ
ምስል፦ የዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት፤ የወፍጮ ቤቱ በር አብሮ ይታያል።
ድምፅ፦ «ሽሮ ሜዳ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ። አሥራ አንድ ሰዓት።»
ጽሑፍ፦ የዳቦ ቤቱ ስም፤ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ፤ በየቀኑ 11 ሰዓት

ድምፁ በጠቅላላው 39 ቃል ነው። ለሠላሳ ሰከንድ ያነሰ ሊመስል ይችላል። ከእንግሊዝኛ የተቀዱ መመሪያዎች ወደ 70 ቃል ድረስ ይፈቅዳሉ፤ በአማርኛ በዚያ ቁጥር የጻፈ ሰው ግን ተናጋሪው እንደ ጨረታ አስነጋሪ ሲጣደፍ ያገኘዋል። የእኛ አንድ ቃል ባለቤቱንም፣ ጊዜውንም፣ አሉታውንም አንድ ላይ ጠቅልሎ ይይዛል፤ «የለንበትም» ብቻውን ስድስት ፊደል ነው። ስለዚህ ቃል ከመቁጠር ይልቅ ፊደል መቁጠር ይሻላል። በሰከንድ ከስድስት ፊደል ካልበለጠ ተናጋሪው ሰው ሰው የሚሸት አነጋገር ይኖረዋል። ሁለተኛውን ዳቦ የሚያስተዋውቀውን ክፍል ብንወስድ 45 ፊደል በስምንት ሰከንድ ውስጥ ነው፤ ከመስመሩ አላለፈም። ያም ሆኖ የመጨረሻው ዳኛ የስልክ ሰዓት ነው። ቆማችሁ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት፤ በዓይን የሚነበብ ነገር ሁልጊዜ ከሚነገረው ይፈጥናል።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች ድምፅ አለማስገባታችን ስንፍና አይደለም። ስልክ ላይ ቪዲዮ የሚያይ ሰው ጣቱ ሁልጊዜ ወደ ላይ ለመግፋት የተዘጋጀ ነው። «እንኳን ወደ ዳቦ ቤታችን በደህና መጡ» የሚል ሰላምታ እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ የሚገመስ ዳቦ ግን ጣቱን ያቆመዋል። የድርጅቱን አርማ መጀመሪያ ላይ ማሽከርከርም ያው ነው፤ ሰውየው አርማውን ሳያውቀው ሄዷል።

ተናጋሪው ተመልካቹን እንዴት ይጥራው የሚለውም የሚያከራክር ነው። አማርኛ ሰው ስንጠራ ወንድ ወይ ሴት፣ ታናሽ ወይ ታላቅ ብለን እንድንመርጥ ያስገድደናል። «ና» ካልን ሴቶቹን፣ «ነይ» ካልን ወንዶቹን፣ ሁለቱንም ካልን ደግሞ ታላላቆቹን እናስቀይማለን። «ኑ» ለወጣቶች ሰፈር የሞቀ ነው። ለዳቦ ቤት፣ ከሕፃን እስከ አዛውንት ለሚመጣበት ቦታ፣ «ይግቡ» የሚለው አክብሮት ያዋጣል። ድምፁን የምታሰማው ደግሞ ባለቤቷ ራሷ ብትሆን እመርጣለሁ። የሬዲዮ ማስታወቂያን ያህል የተነፋ ድምፅ ለባንክ ይሆን ይሆናል፤ ሰፈሩ ግን በየቀኑ መልስ ስትቆጥር የሚሰማውን ድምፅ ያውቀዋል።

የስክሪኑ ጽሑፍ ሌላ ጣጣ አለው። ብዙ ሰው ታክሲ ውስጥ ወይም ቢሮ ሆኖ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚያየው። ስለዚህ ስክሪፕቱ ሁለት ፈተና ማለፍ አለበት። ድምፁ ጠፍቶ ሲታይ «መቼ?» እና «የት?» የሚሉት ሁለቱ መመለስ አለባቸው፤ ዓይን ተጨፍኖ ሲሰማም እንዲሁ። የእኛ ስክሪፕት 11 ሰዓትን ሁለት ጊዜ በድምፅ፣ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ያነሣው ለዚህ ነው። ቀልዱ ያለበት ክፍል ላይ ደግሞ ሆን ተብሎ ጽሑፍ አልተቀመጠም፤ ዓይን ሴትየዋን እንጂ ፊደል እንዳያይ። ጽሑፍ ሲወጣ ከአራትና ከአምስት ቃል ባይበልጥ፣ ዘና ብሎ ሁለት ጊዜ እስኪነበብ ድረስ ቢቆይ ጥሩ ነው። ፊደላችን ብዙ እግርና ቀለበት ስላለው ቀጭን ቅርጽ ከተመረጠለትና ካነሰ «በ»ና «ሰ» ይምታታሉ፤ ወፍራም ቅርጽ፣ ከኋላው ጠቆር ያለ መደብ ይፈልጋል። በቁም በተያዘ ስልክ ለሚታይ ቪዲዮ ደግሞ የስክሪኑን ታችና የቀኝ ጠርዝ ባዶ መተው ነው፤ እዚያ ላይ የመተግበሪያው ምልክቶችና መግለጫው ይቀመጡና አድራሻውን ይሸፍኑታል።

አድራሻው ራሱስ? የጎዳና ስምና የቤት ቁጥር አዲስ አበባ ላይ ለብዙ ሰው ትርጉም የለውም። ሰው የሚመራው በወፍጮ ቤት፣ በትምህርት ቤት፣ በታክሲ መያዣ ነው። እንዲያውም ብዙ ደንበኛ የዳቦ ቤቱን ስም ቀና ብሎ አንብቦ አያውቅም፤ «ወፍጮ ቤቱ ጋ ያለው» ነው የሚለው። ስለዚህ ምልክቱ በድምፅ ይነገራል፣ ስሙ በጽሑፍ ይወጣል፣ የመጨረሻው ምስልም ሁለቱን በሮች አንድ ላይ ያሳያል። ስልክ ቁጥር አላስገባሁም። ለሁለት ዳቦ የሚደውል የለም፤ አሥር ቁጥር በሰባት ሰከንድ የሚይዝም የለም። ለትእዛዝ ኬክ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር።

ቀረጻው ላይ ብዙ ሰው የሚሸነፈው በእንፋሎት ነው። እንፋሎት ነጭ ግድግዳ ላይ አይታይም፤ ጠቆር ያለ ነገር ከኋላው፣ ብርሃን ደግሞ ከጎን ወይም ከኋላ ሲመጣለት ነው የሚታየው። ዳቦው ከምድጃ ከወጣ በኋላ ጥሩ ሆኖ የሚታየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ካሜራው፣ እጁና ቦታው ምድጃው ሳይከፈት ተሰናድተው መጠበቅ አለባቸው። ከሽሮ ሜዳ ብርድ ወደ ምድጃው ክፍል የገባ ስልክ ሌንሱ በላብ ይሸፈናል፤ ስልኩ እስኪሞቅ ጥቂት ታግሦ በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ነው። ሌላው የመብራቱ ነገር ነው። የሀገራችን የኤሌክትሪክ መስመር በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ አብዛኛው ስልክ ደግሞ በሰከንድ 30 ምስል እንዲያነሳ ተደርጎ ይመጣል። ሁለቱ ስለማይገጥሙ አንዳንድ አምፖሎች ሥር የተቀረጸ ቪዲዮ ግድግዳው ላይ የሚንቀሳቀስ ጥላ የመሰለ መስመር ያሳያል። ስልኩ 25 ምስል የሚቀበል ከሆነ እሱን መምረጥ፣ ካልሆነም አምፖሉን አጥፍቶ በበሩ ብርሃን መቅረጽ ይቻላል። የቅርፊቱን ድምፅ ለብቻው ቅዱት፤ ማቡኪያውንና ፍሪጁን አጥፍታችሁ ስልኩን ወደ ዳቦው በስንዝር ርቀት አስጠጉት። ድምፁ ደካማ ነው፤ ከሩቅ ከተቀዳ የሚሰማው የፍሪጁ ብቻ ይሆናል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ዳቦው እንዲያብረቀርቅ በእንቁላል ወይም በቅቤ ሲቀባ የሚያሳይ ምስል ዓይን ይስባል፤ ግን በሁዳዴ ወይም ረቡዕና ዓርብ ለሚያየው ጿሚ «ይህ ዳቦ ላንተ አይሆንም» ብሎ ይናገራል። ዳቦው ከዱቄት፣ ከውኃ፣ ከጨውና ከእርሾ በቀር ምንም ከሌለው ምስሉም ያንኑ ብቻ ያሳይ። የትናንቱን ዳቦ አሙቆ ትኩስ አስመስሎ መቅረጽ ግን ዘዴ ሳይሆን ማታለል ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ሰፈሩም ከአዋጁ ቀድሞ ያውቀዋል። ታዋቂ ዘፈን ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ከኋላ ማስገባትም ቪዲዮውን ድምፅ አልባ ሊያስደርገው ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ያለው ነው። «ልክ 11 ሰዓት» ብለናል። ሰው 11 ሰዓት መጥቶ «ትንሽ ይቆዩ» ከተባለ፣ ይህ ሁለት ጊዜ ከተደገመ ማስታወቂያው ጉዳት እንጂ ጥቅም አላመጣም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሊጡ በብርዱ ምክንያት ለመነሣት ከወትሮው ይዘገያል፤ ማቡካቱ በዚያው ልክ መቅደም አለበት። ምድጃው የኤሌክትሪክ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ምን ይደረጋል? ጄኔሬተር ወይም የእንጨት ምድጃ ከሌለ «ልክ» የሚለው ቃል ከስክሪፕቱ ይውጣ፤ ዳቦው በማይወጣበት ቀንም በሩ ላይ ወረቀት ይለጠፍ። ስክሪፕቱ ለባለቤቷ ብቻ ሳይሆን ለጋጋሪውም መነበብ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው፤ ቃሉን የሚጠብቀው እሱ ነውና።

ማስታወቂያው መሥራቱ የሚታወቀው በስንት ሰው እንዳየው አይደለም። አሥር ሺህ ተመልካች ሐዋሳና ዱባይ ሆኖ ቢያየው ሽሮ ሜዳ ዳቦ አይገዛም። የሚቆጠረው ከ11 እስከ 12 ሰዓት የተሸጠው ዳቦ ነው፤ ቪዲዮው ከመውጣቱ በፊት ሁለት ሳምንት፣ ከወጣ በኋላ ሁለት ሳምንት፣ ሰኞን ከሰኞ፣ ቅዳሜን ከቅዳሜ ጋር እያስተያዩ። የበዓል ሳምንት ከመካከሉ ከገባ ንጽጽሩ ይበላሻል። ዳቦ ቤት ያላችሁና ማስታወቂያ ልታሠሩ የምታስቡ ሁሉ፣ ቀራጭ ከመጥራታችሁ በፊት አንድ ደብተር ገዝታችሁ የዛሬውን ሽያጭ ከዛሬ ጀምሮ መዝግቡ።